ሥራ ይመለሳል

በእንጨት ሥራ ቤቶች ዘንድ «ሥራ አይመለስም» የሚባል እምነት አለ። አልጋ ሠሪው ካቢኔት ይቀበላል፤ ካቢኔት ሠሪው ደግሞ የደረጃ መወጣጫ። ደንበኛን መመለስ ስንፍና፣ ሲብስም እንጀራን መግፋት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ደንበኛን የሚያከስር፣ ባለሙያውንም ቀስ በቀስ ስም የሚያሳጣ ልማድ ስለሆነ በለሆሳስ ሳይሆን በግልጽ ልንቃወመው ይገባል።

አዲስ አበባ ውስጥ በየዕለቱ የሚደገመውን ጉዳይ እንውሰድ። አንድ አነስተኛ ሥራ ቤት ዋንዛና ጽድ እየሠራ ይተዳደራል። አልጋው አይነቃነቅም፣ ጠረጴዛው ልጅ ይወጣበታል። አንዲት እናት ቤቷን ልትጨርስ የኪችን ካቢኔት ፈልጋ ትመጣለች። ባለቤቱ ግድግዳውን በአንድ ቁመት ብቻ ይለካና 3 ሜትር ከ20 ብሎ ይጽፋል፤ ግማሹን ዋጋ በቀብድ ይቀበላል።

ካቢኔት ግን የአልጋ ታናሽ ወንድም አይደለም። አልጋ ክፍሉ መሐል ይቆማል፤ ካቢኔት ግን ከግድግዳ፣ ከወለል፣ ከቧንቧና ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር መስማማት አለበት። የለመደ ሰው ግድግዳውን ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ይለካል፤ ልስን ስለሚወጣና ስለሚገባ ሦስቱ ልኮች እኩል የሚሆኑት አልፎ አልፎ ነው። ማዕዘኑንም ይፈትሻል፦ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት ያደርግና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሜትሩን ይዘረጋል። 100 ሴንቲ ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ካቢኔቱም ወይ ክፍተት ይተዋል፣ ወይ አይገባም።

ከዚህ የሚከፋው ጠርዙ ነው። ችፑድም ሆነ ኤም ዲ ኤፍ ፊቱ ተሸፍኖ ይመጣል፤ ሲቆረጥ ግን ጠርዙ ራቁቱን ይቀራል። ጠርዙን የሚያለብሰው ማሽን የሌለው ሥራ ቤት ማልበሻውን በካውያ ይለጥፈዋል። በርክክቡ ቀን ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ከወራት በኋላ ግን ዕቃ ማጠቢያው ሥር ጠርዙ ይላቀቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ሰሌዳው ያብጣል፤ አንዴ ያበጠ ሰሌዳ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። ብሎኑ የያዘው ቦታ ይላላና ማጠፊያው ከነበሩ ይወድቃል። ደንበኛዋ ይህን ስታይ ስለ ሰሌዳውና ስለ ማሽኑ አታወራም። ስለ ባለሙያው ታወራለች። ያ የማይነቃነቅ አልጋ ከዚያ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ብዙዎች የማያስተውሉት የሕግ ጣጣም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ስለ ቀብድ የሚለው ግልጽ ነው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «አልቻልኩም» የሚለው ቃል ቀብድ ከመቀበል በፊት ነፃ ነው፤ ከተቀበሉ በኋላ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

እምቢ ማለት የሚያፍሩት ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው፦ ዋጋ መስቀል። «እጥፍ እንበላት፣ ራሷ ትሄዳለች» ይባባላሉ። ይህን ጨዋነት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ውሸት ነው እላለሁ። ሴትየዋ የምትሄደው «ውድ ነው» የሚል ወሬ ይዛ ነው፤ ለጎረቤቷም ለእኅቷም ይህንኑ ትነግራለች። በሚቀጥለው ዓመት አልጋ ሲያስፈልጋት በዚያ በር አታልፍም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዋጋውን ተስማምታ ብትቀበልስ? የማይችሉትን ሥራ በእጥፍ ዋጋ መያዝ በእጥፍ መዋረድ ነው። ስልክ አለማንሳትና «ነገ ብቅ በይ» ማለትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የሰውን ቀን ይበላሉ።

ታዲያ እንዴት ይመለሳል? ሜትር ከመዘርጋት በፊት፣ ፊት ለፊት፣ ምክንያቱን ከሥራው ጋር አያይዞ። «እኅቴ፣ አልጋና ጠረጴዛ ከሆነ እኔው አለሁልሽ። ካቢኔት ግን ጠርዝ የሚያለብስ ማሽን ይፈልጋል፣ እኛ ጋ የለም፤ ብሠራልሽ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ይበላሽብሻል።» እዚህ ላይ ሰበብ የለም፣ ደንበኛዋን የሚያሳንስ ነገርም የለም። ያገኘችው መረጃ ሌላ ቦታ ስትሄድ ምን መጠየቅ እንዳለባት ጭምር ይነግራታል።

ቀጥሎ የሚላክበት ሰው ይመጣል። «እዚያ ማዶ ብዙ አሉ» ማለት መላክ ሳይሆን መሸኘት ነው። የሚላክበት ባለሙያ ሥራው በዓይን የታየ፣ ቢቻል አንድ ሁለት ዓመት ያገለገለ ካቢኔቱ ተከፍቶ የተፈተሸ መሆን አለበት። ቀድሞ ይደወልለትና ጊዜ እንዳለው ይጠየቃል፤ እሱም ሥራ በዝቶበት ቢመልሳት ድካሟ እጥፍ ይሆናል። ዋጋ ግን በሌላ ሰው አፍ አይነገርም። «እሱ በርካሽ ይሠራልሻል» የተባለች ሴት ዋጋው ከፍ ካለባት ሁለታችሁንም ትታዘባለች።

ደንበኛ መላክ የራሱ ፈተና አለው፤ እሱም ኮሚሽን ነው። ደንበኛ ልኮ በስውር ኮሚሽን መቀበል በአካባቢያችን እንደ መብት እየተቆጠረ ነው። ያ ገንዘብ ከካቢኔት ሠሪው ኪስ አይወጣም፤ ወይ ዋጋው ላይ ይደመራል፣ ወይ ከማጠፊያውና ከሰሌዳው ጥራት ይቀነሳል። ደንበኛዋ ያወቀች ዕለት ምክሩ ሁሉ ደላላነት ሆኖ ይታያታል። የሚቀበል ካለ በግልጽ ይንገራት። እኔ ግን ጭራሽ ባይቀበል እመርጣለሁ፤ ካቢኔት ሠሪው አልጋ ሲጠየቅ በፈንታው መላኩ ከኮሚሽኑ የሚበልጥ ክፍያ ነውና።

«ሥራ በጠፋበት ወር የሠራተኛ ደመወዝ በጨዋነት አይከፈልም» የሚሉኝ አሉ። ጭንቀታቸውን አውቀዋለሁ፤ የቤት ኪራይ ቀን አይጠብቅም። ነገር ግን እምቢታ ሁሉ ሙሉ መሆን የለበትም። ካቢኔቱን ልኮ የኪችኑን ጠረጴዛና ወንበር ማስቀረት ይቻላል። ካቢኔት መማር የሚፈልግ ደግሞ በራሱ ቤት አንድ ሠርቶ፣ ውሃ ነክቶት ዓመት ሲሞላው አይቶ ይጀምር። በሰው ገንዘብ፣ ያውም ሳይነግሩ መማር ግን ነውር ነው።

የላኩት ሰው ቢያበላሽስ? ያጋጥማል። ለዚህ ነው ሲልኩ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይቶ መናገር የሚያስፈልገው፦ «ሥራውን አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው፤ በቀጠሮ ግን አንዳንዴ ይዘገያል፣ ቀኑን ውል ላይ አስፍሪ።» ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላም ለደንበኛዋ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅሬታ ካለ ለራሱ ለካቢኔት ሠሪው ደውሎ መንገር፣ ካላስተካከለም ሌላ ደንበኛ አለመላክ ነው። ጥፋቱን የመክፈል ግዴታ በላኪው ላይ የለም፤ ስልኩን የማንሳት ግዴታ ግን አለበት።