የአንድ ደቂቃ ድምፅ ዋጋ፦ ስለ ተማሪ ገልባጮች አከፋፈል

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ግቢ የሚማር ወጣት ቀኑን በክፍልና በቤተ መጻሕፍት ካሳለፈ በኋላ በእጁ የሚቀሩት ሁለት የምሽት ሰዓታትና አንድ ስማርት ስልክ ናቸው። በእነዚህ ብቻ መጠነኛ፣ ግን የማይቋረጥ ገቢ ከወዴት ሊገኝ ይችላል? ብዙዎች መልሱን የስልክ ገጽ እየነካኩ ሳንቲም በሚያስሰበስቡ ጨዋታዎች ውስጥ ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሥራው ያለው በዚያው ግቢ፣ በእኛ በተመራማሪዎቹ እጅ ነው፤ ይኸውም የቃለ መጠይቅ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ችግሩ የሥራ እጦት ሳይሆን የምንከፍልበት ስሌት ነው።

የተለመደው ስምምነት በድምፅ ደቂቃ መክፈል ነው። ይሁን እንጂ ደቂቃ ሁሉ እኩል አይደለም። ለአብነት አንድ ተመራማሪ ስለ እህል ንግድ ሁለት ቃለ መጠይቆች ቀዳ እንበል። የመጀመሪያው በጸጥተኛ ቢሮ፣ ሁለተኛው በሰኞ ገበያ መካከል የተቀዳ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ ይረዝማሉ። በገበያው ቅጂ ነጋዴው ሲናገር ደንበኛ ጣልቃ ይገባል፤ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፤ ነፋሱም ማይክሮፎኑን ይመታዋል። በደቂቃ 5 ብር ቢከፈል ሁለቱም እኩል 200 ብር ያስገኛሉ።

ፍትሐዊው መንገድ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መሞከር ነው። ገልባጩ ከእያንዳንዱ ቅጂ መካከል አምስት ደቂቃ ወስዶ ይጽፋል፤ ደግሞም አዳምጦ ያርማል፤ የፈጀበትንም ጊዜ ይመዘግባል። የቢሮው ናሙና 25 ደቂቃ፣ የገበያው ደግሞ 45 ደቂቃ ፈጀ እንበል። በዚህ መጠን የቢሮው ቅጂ በሙሉ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ የገበያው 6 ሰዓት ይወስዳል። በደቂቃ 5 ብር ከተከፈለ በገበያው ቅጂ ላይ የአንድ ሰዓት ድካም ዋጋ ወደ 33 ብር ይወርዳል። ሁለቱ ወገኖች በሰዓት 60 ብር ከተስማሙ ግን የቢሮው ቅጂ 200፣ የገበያው 360 ብር ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ስለሚፈጁ፣ በምሽት ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ተማሪ የአምስት ምሽት ሥራ ናቸው።

ገቢው እንዳይቋረጥ የሚያደርገው የተመራማሪው ልማድ ነው። ብዙዎቻችን ቃለ መጠይቁን ሁሉ ካጠናቀቅን በኋላ ቅጂውን በአንድ ጊዜ እናስረክባለን፤ በአስቸኳይም እንዲያልቅ እንጠይቃለን። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ብንሰጥ ግን 12 ቃለ መጠይቆች የስድስት ሳምንት ገቢ ይሆናሉ። እኛም የመጀመሪያዎቹን አንብበን የቀሩትን ጥያቄዎች ለማረም ጊዜ እናገኛለን።

ጥራቱ የሚታወቀው ተመራማሪው ከየቅጂው ሦስት ደቂቃ በዘፈቀደ መርጦ ከጽሑፉ ጋር ሲያመሳክር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ቁጥሮች ናቸው፤ በጫጫታ መካከል «ስልሳ» እና «ሰላሳ» በቀላሉ ይምታታሉ። ያልተሰማው ቃል በግምት ከሚሞላ ደቂቃውን ጠቅሶ «አልተሰማም» ማለት ይሻላል። ገልባጩ የተናጋሪውን አነጋገር ማስተካከልም የለበትም። የወሎ ሰው «አብሽር» ካለ «አይዞህ» ተብሎ አይጻፍም። የአገሩን አነጋገር የሚያውቅ ተማሪ ከሩቅ ገልባጭ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው።

ስልኩ የራሱ ገደብ አለው። በትንሽ ሰሌዳ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲጻፍ ጣት ይደክማል፤ ስሕተትም ይበዛል። ከዚህ የሚከብደው የምስጢር ጉዳይ ነው። መላሹ ድምፁን የሰጠው ለተመራማሪው እንጂ ለመኝታ ክፍል ጓደኞች አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰው እንደሚገለብጠው በፈቃድ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ሊገለጽለት ይገባል። ቅጂው በሚሞሪ ካርድ እጅ በእጅ ቢሰጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ቢደመጥ፣ በስም ፈንታ «ነጋዴ 3» የመሰለ መለያ ቢጻፍና ከርክክብ በኋላ ፋይሉ ከስልኩ ቢጠፋ አደጋው ይቀንሳል። ይህን መፈጸም የማይችል ተማሪ ሥራውን ባይቀበል ይመረጣል።

ስለዚህ የምርምር ዕቅዳችንን በጀት ስናዘጋጅ ለግልበጣ የምንይዘው ገንዘብ በድምፅ ደቂቃ ሳይሆን በተሞከረ የሥራ ሰዓት ይሰላ። ስሌቱ ሲስተካከል የገበያውን ጫጫታ እያዳመጠ የሚያመሸው ተማሪ የድካሙን ያገኛል፤ እኛም የነጋዴውን ቃል ሳይሸራረፍ እናገኛለን።