ከሠርግ ፎቶ ሥር የሚጻፍ ምስጋና

ከሠርግ ፎቶ ሥር የሚጻፈው አጭር ምስጋና፣ በዚህ ጽሑፍ «የግርጌ ጽሑፍ» የሚባለው፣ ከጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ባይበልጥም በሠርጉ የደከመ ሰው ሁሉ ስሙን ወይም ድርሻውን የሚፈልግበት ቦታ ነው። ሙሽሮች ብዙውን ጊዜ ጭንቀታቸውን የሚያሳርፉት ጽሑፉን በማሳመር ላይ ቢሆንም፣ ቅሬታ የሚነሣው ግን ከውበቱ ማነስ ሳይሆን ከተረሳው ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሞቅ ያለም አጭርም እንዲሆን ከተፈለገ፣ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ምን ዓይነት ቃል ይመረጥ የሚለው ሳይሆን ፎቶው ማንን አላሳየም የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ከሠርጉ አሠራር የሚመጣ ነው። በከተማም ሆነ በገጠር በሚደረግ ሠርግ ከሙሽሮቹ ጎን ቆመው የሚታዩት ሚዜዎች፣ ማለትም ሙሽራውንና ሙሽሪትን የሚያጅቡ የቅርብ ጓደኞች፣ እንዲሁም ወላጆችና ጥቂት የክብር እንግዶች ሲሆኑ፣ ድግሱን ያዘጋጁት ሰዎች ግን ከካሜራው ውጭ ናቸው። ሽንኩርት ሲልጡና ሲከትፉ ያመሹት፣ ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት እየለዩ ያጠቡት፣ ጠላውን የጠመቁትና እንጀራውን የጋገሩት እናቶች ፎቶ በሚነሣበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ናቸው። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ሳህኑን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው እድር ነው፤ እድር በመሠረቱ ለቀብርና ለለቅሶ ለመረዳዳት የሚቋቋም የሰፈር ማኅበር ቢሆንም፣ ዕቃውን ለሠርግም ያውላል፤ ድንኳኑን የሚተክሉትና የሚነቅሉት የሰፈር ልጆችም ከፎቶው ውስጥ አይገኙም። ፎቶው የያዛቸውን ሰዎች አንባቢው በዓይኑ ስለሚያያቸው፣ ጽሑፉ እነርሱን ደግሞ ለመዘርዘር ከሚደክም ይልቅ ያልታዩትን ቢያነሣ፣ ያለውን ጥቂት ቦታ በሚገባ ተጠቀመበት ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ቀን ሠርጋቸውን ያደረጉ ሁለት ሙሽሮች ይታሰቡ፤ ወቅቱ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርግ የሚበዛበት ነው። ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድነት የተነሡትን ፎቶ መርጠው፣ ከሥሩ ብዙ ጊዜ የሚታየውን ዓይነት ጽሑፍ እንዲህ ብለው ጻፉ እንበል፦

«በሕይወታችን እጅግ ውብና የማይረሳ በሆነው በዚህ ታላቅ ቀን ከጎናችን ለቆማችሁ፣ ለደከማችሁ፣ በጸሎታችሁ ላሰባችሁን ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ጓደኞቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን በሙሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን ለማቅረብ እንወዳለን።»

ይህ ጽሑፍ በሰዋስው ረገድ ነውር የለበትም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች አሉበት። የመጀመሪያው፣ የምስጋናው ግሥ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መሆኑ ነው። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ዋናው መልእክት ይዘገያል፤ በስልክ ሲነበብ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ለምሳሌ ኢንስታግራም ከፎቶው ሥር የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን 125 ያህል ፊደላት ብቻ ሲሆን ቀሪውን አንባቢው ካልነካው በቀር ይሸፍነዋል። ከላይ ያለው ጽሑፍ ክፍት ቦታውና ሥርዓተ ነጥቡ ጭምር ሲቆጠር ወደ 160 ፊደላት የሚደርስ በመሆኑ፣ ስልኩን በጣቱ እያሳለፈ የሚያነብ ሰው ከተመስጋኞቹ ዝርዝር ሳይሻገር ያልፋል፤ «ምስጋና» የሚለውንም ቃል አያገኝም። ሁለተኛው ድክመት፣ ጽሑፉ ከማንኛውም ሠርግ ፎቶ ሥር ቢቀመጥ የሚስማማ መሆኑ ነው፤ አምስት ዓይነት ሰዎች ቢጠሩበትም አንዳቸው ምን እንዳደረጉ አልተነገረም፤ መዝጊያው «ለማቅረብ እንወዳለን» ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚመች እንጂ የአክስትን ድካም የሚያስታውስ አይደለም።

ያው ምስጋና በሚከተለው መንገድ ቢጻፍ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል፦

«አክብራችሁናል፤ እናመሰግናለን። እንቅልፍ አጥታችሁ ድግሱን የደገሳችሁ እናቶች፣ ድንኳኑን የተከላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ የሁለታችን ዘመዶች፣ ብድራችሁን በደስታችሁ ቀን እንድንመልስ ፈጣሪ ያብቃን። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ውብ»፣ «የማይረሳ»፣ «ታላቅ» የሚሉት ቅጽሎች ሁሉ ወጥተዋል፤ ሙቀቱ የሚመጣው «እንቅልፍ አጥታችሁ» እና «ድንኳኑን የተከላችሁ» ከሚሉት፣ በትክክል የሆነን ነገር ከሚያነሡ ሐረጎች ነው። ምስጋናው በመጀመሪያው መስመር በሁለት ቃላት ስለተጠናቀቀ፣ ጽሑፉ በስልኩ ላይ ቢቆረጥ እንኳ ዋናው ነገር ተነግሯል። «የሁለታችን» የሚለው አንድ ቃል ደግሞ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም ወገን እኩል ይይዛል፤ ጽሑፉን አንደኛው ብቻ ሲያዘጋጀው የራሱን ዘመዶች ሥራ ዘርዝሮ የሌላውን ወገን በአንድ ቃል የሚያልፍበት ጊዜ ስለማይጠፋ፣ ይህን ሚዛን መጠበቁ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«እናንተ» ብሎ ቀጥታ ማናገሩ ሌላም ጥቅም አለው። አማርኛ አንድን ሰው ሲያናግር አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ከሚሉት አንዱን ማስመረጡ የማይቀር ሲሆን፣ በብዙ ቁጥር ግን ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ወንዱም ሴቷም በእኩል አክብሮት ይጠራሉ። አያትንና የልጅነት ጓደኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማመስገን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም። በአንጻሩ «ለተገኙት እንግዶች ምስጋና ይድረሳቸው» የሚለው የሦስተኛ ወገን አነጋገር ተመስጋኙን ከንግግሩ ስለሚያስወጣው፣ ምስጋናው ማስታወቂያ ይመስላል።

የመዝጊያው ምርቃት ብድርን ማንሣቱም የታሰበበት ነው። በአገራችን ልማድ ለድግስ የተደረገ እገዛ ሁሉ ተመላሽ ነው፤ ዛሬ የሰው ሽንኩርት የከተፈች እናት ነገ በእርሷ ቤት ድግስ ሲኖር የዚያኛው ቤት ሰዎች ቢላቸውን ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ «ብድር መላሽ ያድርገን» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሆኖም ምርቃቱ «በልጆቻችሁ ሠርግ» ቢል ልጅ ያልወለደን ወይም ልጁን ያጣን እንግዳ ሳያስበው ሊያስከፋ ስለሚችል፣ «በደስታችሁ ቀን» የሚለው ሁሉንም ይይዛል። «ፈጣሪ» የሚለውም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ዘመድ አብረው በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ ለሁለቱም የሚስማማ አጠራር ነው፤ የሁለቱም ወገን እምነት አንድ ሲሆን ግን በዚያው እምነት በተለመደው አጠራር መጠቀሙ ይበልጥ ያምራል።

ከሁሉ የሚከብደው የስም ጥያቄ ነው። ሰዎችን በስም መጥራት ምስጋናውን የቅርብ ቢያደርገውም፣ አሥር አክስቶች የሠሩበት ድግስ ላይ የሦስቱ ስም ከተጻፈ ሰባቱ ተረሱ ማለት ነው፤ «ሌሎችም» የሚለው ጭማሪም ይህን አይጠግነውም፤ እንዲያውም የተረሱት መኖራቸውን ያረጋግጣል። ደኅናው አካሄድ ቁጥራቸው የታወቀና የተወሰነ ሰዎችን፣ ለምሳሌ ሚዜዎችን፣ ሁሉንም በስም መጥራት ወይም ሁሉንም መተው፣ ብዛታቸው የማይታወቀውን ደግሞ በሠሩት ሥራ መጥራት ነው። ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት ለሁለቱም እናቶች ቢነበብላቸው ጉድለቱ ቶሎ ይታወቃል፤ በሠርጉ ማን ምን እንዳደረገ ከእነርሱ በላይ የሚያስታውስ ስለሌለ፣ የቀረውን ሰው ወዲያው ያነሣሉ።

ስጦታና ገንዘብ ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባይነሡ ይመረጣል። የውጭ አገር ዘመድ የላከውን ገንዘብ በአደባባይ ማመስገን ቅንነት ቢመስልም፣ ምንም መስጠት ያልቻለው እንግዳ የሚያነበው ያንኑ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ምስጋና በስልክ ለራሱ ለሰጪው ቢነገር ለሁሉም ክብር ይሆናል። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶች ብዙ ከሆኑ ከኢትዮጵያው ቀን ጎን ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ብሎ መጨመሩ፣ ከዓመታት በኋላ ቀኑን ለሚፈልጉት ያግዛቸዋል።

ከወላጆች አንዱ በሕይወት የሌለ እንደሆነ ሟቹን ሳያነሡ ማለፍ ቤተሰቡን ያሳዝናል፤ ጽሑፉን በሐዘን መዝጋትም የመጡትን እንግዶች ደስታ ይሸፍናል። «ይህን ቀን ሊያዩ ይመኙ የነበሩትን አባታችንን እያሰብን» የመሰለ አንድ ሐረግ ከምስጋናው በኋላና ከምርቃቱ በፊት ቢገባ ሁለቱም ይጠበቃሉ፤ በዚህ ስፍራ ሐዘኑ ይነገራል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ለእንግዶቹ የሚሆን ምርቃት ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ተመጥኖ የተጻፈም ምስጋና ወሰን አለው። ስልክ የማይጠቀሙ አያቶች፣ ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶችና ጓዳ ውስጥ ከደከሙት እናቶች ብዙዎቹ ጽሑፉን ጨርሶ አያዩትም፤ ጽሑፉ ስማቸውን ወይም ሥራቸውን ቢያነሣ እንኳ ምስጋናው የሚደርሳቸው ሌላ ሰው ሲያነብላቸው ብቻ ነው። መልሱና ቅልቅሉ፣ ማለትም ሙሽሮች ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ የሚመለሱበትና ሁለቱ ቤተሰቦች የሚገናኙበት ግብዣ ካለፉ በኋላ፣ ሙሽሮቹ ወደ እነዚህ ሰዎች ቤት ሄደው ምስጋናቸውን በአካል ማድረስ ይኖርባቸዋል። የግርጌ ጽሑፉ አጭር ሊሆን የሚችለውም ይህ ግዴታ ስላለ ነው፤ በእግር የሚደርሰውን ምስጋና ሁሉ ለመያዝ ካልሞከረ፣ ጥቂት መስመሮች ይበቁታል።