መጀመሪያ ካርታው፣ ከዚያ ብሩ

በአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ ደላላው ያሳየውን ቤት ሲያይ ስለ ውኃው ይጠይቃል፣ ስለ መብራቱ ይጠይቃል፣ ዋጋውን ይከራከራል። «ቤቱ በእርግጥ የእርስዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይከብደዋል። ነውር ይመስለዋል፤ ከበሩ ውጭ ሌላ ፈላጊ ቆሞ ይሆናል ብሎም ይቸኩላል። አጭበርባሪውም የሚኖረው በዚህ ይሉኝታና በዚህ ጥድፊያ ላይ ነው። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፦ አከራዩ የቤቱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑ ሳይረጋገጥ አንድም ብር መከፈል የለበትም። ማረጋገጡን ደግሞ ለተከራዩ ብቻ መተው ተገቢ አይደለም፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው።

እንዲህ ያለው ማጭበርበር ሰነድ እስከ መሥራት የሚያደርስ ብልሃት አይጠይቅም። ቁልፍ በቂ ነው። ቤቱን ለአንድ ወር የተከራየ ሰው፣ ባለቤቱ ሲርቅ አደራ የተሰጠው ዘመድ ወይም ቁልፍ ሳይመልስ የወጣ የቀድሞ ተከራይ በሩን ከፍቶ ማስገባት ይችላል። በሩን የከፈተ ሰው ደግሞ ባለቤት ይመስላል። አንዱን ቤት ለሦስት ሰው አሳይቶ ከሦስቱም ቅድሚያ ክፍያ ይቀበልና ስልኩን ይዘጋል። ዕቃ ጭኖ የመጣው ተከራይ በሩ ላይ የሚያገኘው እውነተኛውን ባለቤት ወይም እንደ እሱ የተታለለ ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ባልፈረመው ውል አይገደድም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የተደነገገው የማታለል ወንጀል አጥፊውን ያስቀጣ ይሆናል፤ ገንዘቡን ግን የሚያስመልሰው አጥፊው ከነንብረቱ ከተገኘ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራዩ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶታል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የአራት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው ሕጉን እየጣሰ ነው። ውል ለማስመዝገብ ወረዳ መሄድ የማይፈልግ ሰውም ምክንያቱን ሊጠየቅ ይገባል። አንዳንዱ ባለቤት የሚሸሸው የኪራይ ገቢ ግብርን ነው፤ አጭበርባሪው የሚሸሸው ግን የባለቤትነት ጥያቄን ነው። ተከራዩ ከውጭ ሆኖ ሁለቱን መለየት ስለማይችል ሁለቱንም አንድ ዓይነት ማስተናገድ አለበት፦ ወረዳ ካልሄድን አልከፍልም ማለት።

ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ሕጉ ለምዝገባ 30 ቀን ሲሰጥ ገንዘቡ የሚከፈለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለአጭበርባሪ ከዚህ የተመቸ ክፍተት የለም፤ መዝገቡ ሲከፈት እሱ ከተማውን ለቋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት ቤት ፈላጊ ቦሌ አራብሳ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በወር 15,000 ብር እንደሚከራይ በቴሌግራም አየች እንበል። ቤቱን የሚያሳያት ሰው፣ «የእህቴ ነው፤ ዱባይ ናት፤ እኔ ነኝ የማስተዳድረው» ይላል። የአራት ወር ቅድሚያ 60,000 ብር ይጠይቃል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ግን 30,000 ብር ብቻ ነው። ሰውየው ውሸታም ነው ለማለት ይህ አይበቃም፤ ብዙ ሐቀኛ አከራይም በድሮው ልማድ እንዲህ ይጠይቃል። መመርመር ግን ግድ ይሆናል።

መጀመሪያ ካርታውን ታየዋለች። ካርታው ላይ የባለቤቷ ስምና ፎቶ፣ ወረዳው፣ የሕንፃው ብሎክና የቤቱ ቁጥር ይገኛል። አስፈላጊው ሥራ ወረቀቱን ከበሩ ጋር ማስተያየት ነው። አጭበርባሪ እውነተኛ ካርታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ካርታው ግን የሌላ ብሎክ፣ የሌላ ፎቅ ቤት ሊሆን ይችላል። የያዘው ፎቶኮፒ ከሆነም ወዲያው ሐሰተኛ ነው አይባልም፤ ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ዋናው ካርታ ባንክ ቤት ይቀመጣልና። እንዲህ ሲሆን የብድር ውሉን ማየት ይገባል። ካርታው ገና ያልወጣ ከሆነም የዕጣ ባለዕድሏ ከቤቶች ልማት ጋር የገባችው የሽያጭ ውልና የባንክ ክፍያ ደረሰኝ ሊኖር ይገባል።

ቀጥሎ ውክልናው ነው። ወንድም መሆን ሥልጣን አይሰጥም። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የተረጋገጠ መሆን አለበት። የወካይዋ ስም ከካርታው ስም፣ የተወካዩ ስም ከሰውየው መታወቂያ ጋር አንድ ነው ወይ? ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና ደግሞ በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ብቻ አይበቃም፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ መምጣት አለበት። በቴሌግራም የተላከ የውክልና ፎቶ ዋናውን ሰነድ አይተካም።

ውክልናው ምን እንደሚል ማንበብም ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይ የአስተዳደር ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ጠቅላላ ውክልና ያለው ወንድም አዋጁ የሚጠይቀውን የሁለት ዓመት ውል መፈረም ይችላል፤ አምስት ዓመት ለማከራየት ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። በመርሕ ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል፤ ወካይዋም በማንኛውም ጊዜ ልትሽረው ትችላለች። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በፊት የተሰጠ ውክልና ዛሬም ይሠራል ወይ ብሎ ሰነዱን የሰጠውን ክፍል መጠየቅ ከንቱ ጥርጣሬ አይደለም።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ጥበቃውን ይጠይቃሉ፤ ጥበቃው ግን የሚያውቀው የሚወጣና የሚገባውን ፊት ነው፣ የቀድሞውንም ተከራይ ባለቤት ብሎ ሊጠራው ይችላል። የተሻለው ምስክር የነዋሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለጥበቃና ለጽዳት የሚከፈለው በማን ስም እንደሚመዘገብ ያውቃል። የውኃና የመብራት ቢል ደጋፊ ማስረጃ ይሆናል፤ ስሙ የቀድሞ ባለቤት ሆኖ መገኘቱ ግን የተለመደ ስለሆነ ብቻውን አይፈርድም። የግቢ ቤት ከሆነ የዘንድሮው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ ከቢሉ የተሻለ ይመሰክራል።

የመጨረሻው መሰናክል ሂሳቡ ነው። ክፍያው በባንክ ሲሆን ስልኩ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። ያ ስም በካርታው ላይ ያለው፣ አለበለዚያም በውክልናው ገንዘብ እንዲቀበል የተፈቀደለት ሰው ስም ካልሆነ እጅን መሰብሰብ ነው። «ሂሳቤ ችግር ስላለበት በጓደኛዬ ይግባ» የሚለው ሰበብ ተቀባይነት የለውም።

ባለቤቱ ራሱ ካርታውን ይዞ ሲመጣም ሁሉ ነገር አያልቅም። በፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማከራየት የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ቤቱ የጋራ አይደለም ማለት አይደለም። ያልፈረመው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ስለሚችል ሁለቱም እንዲፈርሙ ማድረግ ብልህነት ነው። ባለቤቱ በሞት ተለይቶ ከሆነም ከልጆቹ አንዱ «የአባቴ ቤት ነው» ማለቱ አይበቃም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃና የሌሎቹ ወራሾች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በወንድማማች ጠብ መካከል የሚጨመቀው ተከራዩ ነውና። የቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤት ከሆነ ደግሞ አከራዩ ራሱ ተከራይ ነው፤ ውሉ የማይጸና ብቻ ሳይሆን መንግሥት ቤቱን ሲረከብ ሁለቱም ይወጣሉ።

አንዳንድ አከራዮች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። ካርታ ለማያውቁት ሰው መስጠት ሌላ ማጭበርበር ይጋብዛል ይላሉ። እውነት ነው። ግን ተከራይ የሚያስፈልገው ማየት እንጂ ኮፒ መውሰድ አይደለም። ባለቤቱ ባለበት፣ በቤቱ ውስጥ ወይም በወረዳው መስኮት ፊት ማየት ይበቃል። ሰነድ አልባ ይዞታ ያላቸው ሰዎችም ካርታ ማሳየት አይችሉም፤ እነሱ በሐቅ እያከራዩ ሊሆን ይችላል። ተከራዩ ግን እንዲህ ያለውን ቤት ሲይዝ ማረጋገጫ የሌለው ነገር እየያዘ መሆኑን አውቆ የብዙ ወር ቅድሚያ ሳይከፍል ወር በወር መክፈል ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ግን በአንዲት ቤት ፈላጊ ትከሻ ላይ ሊጫን አይገባም። የዕለት ሥራዋን ትታ ከሰነዶች ማረጋገጫ ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ወረዳ ስትዞር ቤቱን ሌላ ይወስደዋል። ለዚህም ጋዜጣችን ከከተማው አስተዳደር ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የቅድሚያ ክፍያው ከምዝገባ በኋላ እንዲፈጸም መመሪያ ይውጣ። ባለጉዳዮቹ ወረዳ ቀርበው መታወቂያው፣ ካርታውና ውክልናው ሲመሳከር ውሉ ይመዝገብ፤ ገንዘቡም የዚያኑ ዕለት በባንክ ይተላለፍ። ባለቤት ምንም አይጎዳም፤ ክፍያው የሚዘገየው በአንድ ጠዋት ነው። ሁለተኛ፣ የመሬት ይዞታ ምዝገባው የሰውን ምስጢር ሳያወጣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ የሚሰጥበት መንገድ ይክፈት። የካርታ ቁጥርና የአከራይ ስም ሲቀርብለት ሁለቱ ይገናኙ እንደሆነ ይናገር፤ የቤቱን ዋጋም፣ የባለቤቱን ሌላ ንብረትም መግለጽ አይጠበቅበትም።

እስከዚያው ድረስ ተከራይ «አያምኑኝም?» ለሚለው አከራይ መልሱ አጭር ይሁን፦ «አምንዎታለሁ፤ ነገ ጠዋት ወረዳ እንገናኝና ውሉን አስመዝግበን እዚያው እከፍላለሁ።» ቤቱ የእሱ የሆነ ሰው ይህን እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ያልሆነው ደግሞ በማግስቱ አይመጣም።