ወርቁ ሲያበራ ያልታየው፦ ከሻኪሶ እስከ አዳማ

የ2017ን የኤክስፖርት ዜና ሁላችንም ሰምተናል። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከሸቀጥ የወጪ ንግድ ያገኘችው 8.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በ2016 3.8 ቢሊዮን አካባቢ ነበር። በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ወርቅ ብቻውን ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ ቡናን በለጠ። ጭብጨባው እዚህ አዳማ ቡና ቤት ድረስ ደርሷል። «እንግዲህ ዳንን» ያለኝም ሰው አለ።

ጭብጨባውን ላቋርጥ ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። ቁጥሩን ከፍተን ስናየው ግን የሚናገረው ነገር ከተነገረን የተለየ ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ከ2017ቱ 8.3 ቢሊዮን ላይ ወርቁን 3.5 ቢሊዮን፣ ቡናውን ደግሞ 2.65 ቢሊዮን ገደማ ቀንሱ። የሚቀረው ወደ 2 ቢሊዮን ነው። አሁን ወደ 2016 ተመለሱ። ከ3.8 ቢሊዮን ላይ ወርቁን 400 ሚሊዮን ገደማ፣ ቡናውን 1.4 ቢሊዮን ገደማ ቀንሱ። የሚቀረው እዚያም ወደ 2 ቢሊዮን ነው። አበባው፣ ሰሊጡ፣ ጫቱ፣ ቆዳው፣ አልባሳቱ፣ አትክልቱ፣ ሌላው ሁሉ ተደምሮ በግርድፉ ባለበት ቆሟል። ያውም ብር ከግማሽ በላይ ዋጋውን ባጣበት ዓመት፣ ላኪው በዶላር ብዙ ብር ባገኘበት ዓመት ነው። ከእጥፍ በላይ አደገ የተባለው ኤክስፖርት ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱንም እግሮች ደግሞ የዓለም ዋጋ አግዟቸዋል።

ወርቁ ከየት መጣ? አዲስ ተራራ አልተገኘም። ኩርሙክና ቱሉ ካፒ ላይ ትልልቅ ማዕድኖች እየተገነቡ ነበር፤ የ2017 ቁጥር ግን የእነሱ አይደለም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል ነበር። ባህላዊ አምራቹ ወርቁን ለባንክ ሸጦ በይፋ ተመን ብር ከሚቀበል፣ ለኮንትሮባንዲስት መስጠት ያዋጣዋል። ወርቁ ድንበር ይሻገር ነበር። ልዩነቱ ሲጠብ ወርቁ መንገዱን ቀየረና ወደ ባንክ ገባ። በዚያ ላይ የዓለም የወርቅ ዋጋ በዚያው አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ጨመረ። ትልቁ ድርሻ የአምራችነት ዕድገት አይደለም፤ የመንገድ ለውጥና የዋጋ ስጦታ ነው።

ይህን ከዚህ በፊትም አይተነዋል። በ2004 ወርቅ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቶ ነበር። በ2011 ወደ 28 ሚሊዮን ወረደ። በ2013 ብሔራዊ ባንክ ለወርቅ አቅራቢ ከዓለም ዋጋ በላይ ጉርሻ ሲከፍል ወደ 670 ሚሊዮን ተመለሰ፤ ከዚያ እንደገና ወደቀ። መሬቱ ያው መሬት ነው፣ ወርቁም ያው ወርቅ ነው። እንዲህ የሚዋልል ገቢ ላይ ደመወዝ፣ ዕዳና ትልልቅ ግንባታ የሚያስር መንግሥት፣ ዋጋው በወረደ ማግስት ምን እንደሚገጥመው ናይጄሪያንና አንጎላን መጠየቅ ይበቃል።

ኢኮኖሚስቶች «የሀብት እርግማን» የሚሉት ይህንን ነው። ሳክስና ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት የተፈጥሮ ሀብት ኤክስፖርታቸው ከኢኮኖሚያቸው አንጻር ከፍ ያለ አገሮች ከሌሎቹ በዝግታ እንዳደጉ አሳዩ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ቁልፍ ጥያቄ አነሡ፦ ችግሩ ሀብት መኖሩ ነው ወይስ በሀብት ላይ መንጠልጠል? አንድ አገር ፋብሪካውና እርሻው ስለደከመ ብቻ ማዕድኑ ከኤክስፖርቱ ትልቁን ድርሻ ሊይዝ ይችላል። ለእኛ ይህ ነው የሚገጥመን። ወርቅ ከኤክስፖርታችን 42 በመቶ የሆነው በወርቅ ብዛት ከደቡብ አፍሪካ ስለበለጥን አይደለም። ሌላው ስላነሰ ነው።

አሁን ጉዳዩን ወደ ስምጥ ሸለቆ ላውርደው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መስመር የሚኖር ሰው ወርቅ አያወጣም። ሞጆ ቆዳ ታለፋለች፣ መቂና ባቱ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጽጌረዳ ያመርታሉ፣ አዳማ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። እነዚህ ሥራዎች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ብዙ እጅ ይፈልጋሉ፣ ዋጋቸውን ደግሞ የሚወስነው የውጭ ገበያ ነው። የወርቁ ገንዘብ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

ባህላዊ አምራቹ ወርቁን ሲያስረክብ ብሔራዊ ባንክ የሚከፍለው በብር ነው። ያ ብር አዲስ ሆኖ ወደ ኢኮኖሚው ይገባል። ካልተሰበሰበ በስተቀር ቤት ኪራይ፣ መሬት፣ ትራንስፖርት፣ ሲሚንቶና የቀን ሠራተኛ ላይ ያርፋል። እነዚህ ከውጭ የማይመጡ ነገሮች ስለሆኑ ዋጋቸው ይወጣል። በሌላ በኩል በባንክ የገባው ዶላር ብዙ ስለሆነ የምንዛሪው ተመን ቀስ ይላል። ላኪው በሁለቱ መካከል ይጨመቃል። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1959 ግሮኒንገን ላይ ትልቅ የተፈጥሮ ጋዝ ካገኘች በኋላ ፋብሪካዎቿ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ «የሆላንድ በሽታ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

በምሳሌ ልሥራው። ባቱ አካባቢ ያለ አንድ ላኪን በግምታዊ ቁጥር እንውሰድ። አንድ ዶላር የሚያወጣ ምርት ሸጦ 130 ብር ያገኛል። ለዚያ ምርት ለደመወዝ፣ ለማሸጊያ፣ ለትራንስፖርትና ለሌላው የሚያወጣው 110 ብር ነው። ትርፉ 20 ብር ነው። አሁን በአገር ውስጥ ዋጋ በዓመት 14 በመቶ ይጨምር፣ ምንዛሪው ግን 4 በመቶ ብቻ ይንቀሳቀስ። በሁለተኛው ዓመት ገቢው 135 ብር፣ ወጪው 125 ብር ይሆናል፤ ትርፉ ወደ 10 ወረደ። በሦስተኛው ዓመት ገቢው 140.6፣ ወጪው 143 ብር ነው። ከሠረ። ማንም በሩን አልዘጋበትም፣ ማንም ግብር አልጨመረበትም፣ ሠራተኞቹም አልሰነፉም። ዶላሩ ከወርቅ ስለመጣ ብቻ እሱ ከገበያ ወጣ። ሠራተኞቹ ሲበተኑ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ዜና የለም፤ በዚያ ሳምንት የኤክስፖርት ሪከርድ ይዘገባልና።

«ብር እኮ አሁንም እየረከሰ ነው፤ የሆላንድ በሽታ የሚባለው ገንዘብ ሲጠነክር ነው» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ የነበረው ድንገተኛ የብር መውረድ ለላኪ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ አልክደውም። ነገር ግን የሚታየው የባንኩ ሰሌዳ ላይ ያለው ተመን ብቻ አይደለም። ምንዛሪው የሄደበት ፍጥነት ከዋጋ ንረታችንና ከገዢዎቻችን የዋጋ ንረት ልዩነት ጋር መወዳደር አለበት። ምንዛሪው ከዚያ ከዘገየ፣ ብር በሰሌዳው ላይ እየረከሰም በእውነተኛ ዋጋው እየተወደደ ነው። ያገኘነው እፎይታ በሁለትና ሦስት ዓመት ተበልቶ ያልቃል። የአዳማ ፓርክ ችግር ሁሉ ከዚህ ነው የሚልም ካለ አልስማማም፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ መታገዳችን የራሱ ትልቅ ጉዳት አለው። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል። ገበያ ያጣ ፋብሪካ ላይ የዋጋ ጭማቂ ሲጨመርበት አይተርፍም።

አሁን ደግሞ ወርቁ የወጣበትን አገር እንይ። ጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገ ደምቢ የአገሪቱ ትልቁ የወርቅ ማዕድን ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ወደ ግል ዞረ፤ ፈቃዱም የ20 ዓመት ነበር። በ2010 ለተጨማሪ 10 ዓመት ሲታደስ የአካባቢው ሕዝብ ውኃችንና ጤናችን ተበክሏል፣ ሕፃናት አካለ ጎደሎ ሆነው እየተወለዱ ነው፣ ጥቅሙም አልደረሰን ብሎ አደባባይ ወጣ። ግንቦት 2010 ላይ ማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ሥራው የተመለሰው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2011 ውድቀት አንዱ ምክንያት ይኸው መዘጋት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተመለሰ ቅሬታ በአንድ ወር አገሪቱን የውጭ ምንዛሪ አሳጣ። እርግማኑ ከመሬት አልወጣም፤ ከጽሕፈት ቤት ነው የወጣው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከከፍተኛ የማዕድን ሥራ የሚሰበሰበውን የገቢ ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ያደርገዋል። ወረዳው ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም። መንገዱ የሚቆፈርበት፣ ወንዙ የሚደፈርስበት ወረዳ ድርሻው በሕገ መንግሥቱ ተለይቶ አልተጻፈም። ከዚያም ሻኪሶ ያለ ወጣት የከባድ መኪናውን አቧራ እየዋጠ የሪከርዱን ዜና በስልኩ ያነባል።

ዕጣ ፈንታ አይደለም። ቦትስዋና ነፃ በወጣች በዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ አልማዝ አገኘች። ገቢውን ለዕለት ወጪ ከመበተን ይልቅ በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በውጭ መጠባበቂያ አስቀመጠች፤ ለረጅም ዓመታትም ከዓለም ፈጣን ዕድገት ካስመዘገቡት አንዷ ሆነች። ኖርዌይ ነዳጇ ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 የነዳጅ ፈንዷን አቋቋመች። ቦትስዋና እንኳ ከአልማዝ ሌላ በቂ ኢንዱስትሪ ስላላቆመች፣ የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይኸው እየተንገዳገደች ነው። መቆጠብ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የንግድ ሚኒስቴር በየወሩ ኤክስፖርትን «ከወርቅና ከቡና ውጪ» ብሎ ለይቶ ያውጣ። መንግሥት የሚመዘነው በዚያ መስመር ይሁን። ሁለተኛ፣ ከወርቅ ዋጋ መናር ብቻ የመጣው ትርፍ ለዕለት ወጪ ሳይሆን ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፤ ብሔራዊ ባንክም ለወርቅ ግዢ የለቀቀውን ብር ምን ያህሉን መልሶ እንደሰበሰበ ይንገረን። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ከፍተኛ የማዕድን ፈቃድ የተሰበሰበው ሮያሊቲና ከዚያ ላይ ወደ ወረዳው የተመለሰው በብር ተጽፎ ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሦስቱም አዲስ ሚኒስቴር አይፈልጉም፤ ቁጥሮቹ አሁንም በመሥሪያ ቤቶቹ መዝገብ ውስጥ አሉ። እስኪወጡ ድረስ ግን የሚቀጥለው ሪከርድ ሲነገረን አናጨብጭብ። አባቶቻችን «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሉ ነበር። ሻኪሶ ወርቁን አበድራለች፤ ጠጠሩን እየተካፈልን ያለነው ግን ሞጆና ባቱም፣ እኛ አዳማዎችም ጭምር ነን።