ጋሼ ያኮረፉት በምን ነው?

መካነ ሰላም የስሟ ትርጉም የሰላም ቦታ ነው። ቢሆንም እንደ ሌላው የወሎ ቦረና መንደርና ከተማ ሁሉ አኩራፊ አታጣም። ለምሳሌ ያህል በአንድ የመምህራን ክፍል ይህ ሆነ እንበል፦ ወጣቱ መምህር በግምገማ ላይ እጁን አውጥቶ፣ አንጋፋው ባልደረባው የፈተና ውጤት አዘግይተዋል ይላል። የተናገረው እውነት ነው። በማግስቱ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ሲላቸው ጋሼ ጠመኔያቸውን አንስተው ይወጣሉ።

ወሎ ውስጥ ሰላምታ ከሰውየው ጤና ተነስቶ ልጆቹን፣ ከብቱንና ዝናቡን ሳያዳርስ አይቆምም። ስለዚህ የተነፈገ ሰላምታ ጎልቶ ይሰማል።

ወጣቱ ግን ከመደንገጡ በፊት ያስተውል። ጋሼ ማንንም የማያናግሩ ከሆነ ነገሩ ሐዘን ወይም ዕዳ ሊሆን ይችላል። ከሌላው ጋር እየሳቁ እሱ ሲገባ ዝም ካሉ ግን ኩርፊያ ነው። ምሳ አብሮ አለመብላት ምልክት አይሆንም፤ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚሠሩበት ቢሮ ረቡዕና ዓርብ፣ ረመዳንም ሲገባ፣ ማዕድ በፆም ይለያያልና። ቡና ይሻላል፦ አቦሉን ጠጥተው እሱ ሲቀመጥ ቶናውን ትተው ከተነሱ ጉዳዩ የለየለት ነው።

ዝምታው ለምን ያማል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኪፕሊንግ ዊልያምስ አንድ ቀን መናፈሻ ተቀምጦ ሳለ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚወራወሩት ዲስክ አጠገቡ ወደቀ። መለሰላቸው፤ ለጥቂት ጊዜም ከእሱ ጋር ተጫወቱ። ከዚያ በድንገት ተዉት። ከማያውቃቸው ሰዎች የመጣው መገለል አመመው፤ ጉዳዩንም ለዓመታት አጠና። እሱና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ የተገለሉ ሰዎች አንጎል ላይ ከአካል ሕመም ጋር የሚያያዝ ክፍል ሲነቃ ታይቷል። ጋሼም በስብሰባው የቀመሱት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ዕዳውን እየመለሱ ነው።

ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስላል። «እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት» ይላሉ። ጋሼን ያስቀየማቸው ግን በሰው ፊት መባሉ ነው። «ምን አድርጌዎት ነው?» የሚለው ጥያቄም አይረዳም፤ ተበዳዩን ክስ አቅርብ ማለት ነው። ሽማግሌ መላክም ገና ነው፤ ሽማግሌ ከመጣ ተናጋሪና መልስ ሰጪ ይቆማል፣ የሁለት ሰው ቅሬታ የቢሮው ሁሉ ወሬ ይሆናል።

የሚሻለው ከክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ «ጋሼ፣ የውጤቱን ነገር መጀመሪያ ለእርስዎ ለብቻዎ መንገር ነበረብኝ፤ በሰው ፊት ማለቴ ጥፋት ነው» ብሎ፣ መልስ ሳይጠብቅ መሄድ ነው። ውጤቱ ዘግይቷል ያለውን አያጥፍም፤ የሚያነሳው የተናገረበትን ቦታ ብቻ ነው። ሰላምታውንም ቢመለስለት ባይመለስለት ጠዋት ጠዋት አያቋርጥ።

መልሱ ይቅርታ መስሎ ላይመጣ ይችላል። አንድ ጠዋት ጋሼ ቀና ሳይሉ፣ «ሮስተሩን የት አደረግኸው?» ይሉት ይሆናል።