«ላጤ ነህ አይደል?»

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስትፈልጉ ከኪራዩ ዋጋ ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እኔም ባለፈው ጥቅምት ይህቺን አንድ ክፍል ሰርቪስ ስከራይ አከራዬ እማማ ጠየቁኝ፤ «አዎ» አልኩ። እውነቴን ነበር። ጥር ላይ ግን አገባሁ። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ስለምትሠራ ዝውውሯ እስኪያልቅ እዚያው ቆየች፤ እኔም ለእማማ ከሠርጉ ድፎ ዳቦ አምጥቼ «አገባሁ» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገርኩም። ግንቦት ላይ ሁለት ዜና በአንድ ሳምንት መጣ። ዝውውሯ ተፈቀደ፤ ባለቤቴም የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነች።

ከእኔ በፊት በዚያው ክፍል የነበረው ልጅ ሚስቱን «እኅቴ ናት፣ ለሕክምና መጥታ ነው» ብሎ እንዳስገባት የግቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሆዷ ሲገፋ እማማ ምንም አላሉም፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ግን የቧንቧውን ቁልፍ መደበቅ ጀመሩ። ልጁ በሦስተኛው ወር ለቀቀ። ስለዚህ እኔ ሆዷ ሳይታይ፣ እሷም ሳትመጣ ልናገር ወሰንኩ።

ከመናገሬ በፊት ግን ውሌን አወጣሁ። እናንተም ካላችሁ አውጡትና አንብቡት፤ ብዙዎቻችን ከፈረምን በኋላ ያየነው ቀን የለም። አንዱ አንቀጽ «ተከራይ ያለአከራይ ፈቃድ ቤቱን በሙሉም ሆነ በከፊል ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይችልም» ይላል። ይህ እኔን አላሳሰበኝም፤ ሚስቴ ክፍሌን የምትከራየኝ ሰው አይደለችም። ያሳሰበኝ ከታች ደላላው በእስክሪብቶ የጨመራት መስመር ነበረች፦ «በቤቱ የሚኖረው አንድ ሰው ነው።» ውሉ ስለ ሰው ቁጥር ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ «ይወቁልኝ» ለማለት ያህል በሆነ ነበር። ቁጥር ከተጻፈ ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሉ የሚለወጠው ሁለታችንም ስንፈርም ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ገባሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ ላጤ ብዬ ነው ያከራየሁህ» አሉ።

«ልክ ነዎት እማማ፤ ያኔ ላጤ ነበርኩ። አሁን ባለቤቴ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ትምጣ ወይ ብዬ ልጠይቅዎት ነው። ልጅም በጥቅምት እንጠብቃለን።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ሺህ አምስት መቶ ትጨምራለህ» አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ይስማማል ወይ ይቆጣል። የእኛ ውል በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት ወረዳ ላይ የተመዘገበ ነው፤ በአዋጁ ኪራይ የሚጨመረው መንግሥት በየዓመቱ በሚያሳውቀው ልክ እንጂ ሰው በተጨመረ ቁጥር አይደለም። ይህን በቡና ላይ እንደ ጠበቃ ብዘረግፈው ኖሮ ግን ክሱን አሸንፌ ጎረቤቴን ባጣሁ። «እማማ፣ የሚያሳስብዎት ምኑ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

መለሱ እንጂ! ኪራዩ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ግቢው አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ ነው ያለው። የሁለቱም ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓትና ሜትር ኩብ ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ነው። አንድ ቤተሰብ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ከርካሹ እርከን ይጀምራል፤ እኛ ሁላችን በአንድ ቆጣሪ ስንደመር ግን ወደ ውዱ እርከን እንወጣለን። ስለዚህ አንድ ሰው ሲጨመር የእሱ ድርሻ ብቻ ሳይሆን የሌላውም ክፍያ ይጨምራል። እማማ የታሪፍ ሰንጠረዥ አላነበቡም፤ ቢሉ ግን ነግሯቸዋል።

በግቢው እማማ፣ ልጃቸውና ሠራተኛቸው፣ ባንክ የሚሠሩ ሁለት እኅትማማቾች፣ እኔ፣ በጠቅላላው ስድስት ሰው ነበርን። መብራትና ውሃ በአማካይ 1,200 ብር ይመጣል፤ በነፍስ ወከፍ 200። ባለቤቴ በመጣችበት ወር 1,540 ሆነ። ለሰባት ሲካፈል 220፤ የእኔ ቤት 440። ልጆቹ ላይ ግን ሃያ ሃያ ብር ጨመረ፤ ትልቋ «እኛ ምን አጠፋን?» አለች። እውነቷን ነው። የሁለቱን 40 ብር እኔ ልክፈል ብዬ 480 ከፈልኩ። ለእኔ ብዙ አይደለም፤ ለእነሱ ደግሞ የጠብ መነሻ ነበረች።

ሕፃኑ እንዴት ይቆጠር? እኔ በልቤ «ግማሽ ሰው» ብዬ ነበር። እማማ ሳቁብኝ። «ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ የሽንት ጨርቅ እጥበት ከአንተ ይልቅ ውሃ ይፈጃል!» ከተወለደበት ወር ጀምሮ አንድ ሰው ተባለ። በፈረቃ ለሚመጣው ውሃም የራሴን ባለ 200 ሊትር በርሜል ገዝቼ በራችን ላይ አስቀመጥኩ፤ የሮቶው ውሃ ላይ እንዳንጣላ።

ከሁሉ የባሰው ስጋት ግን መጨረሻ ላይ ወጣ። «ለመሆኑ አራስ ስትሆን ማን ነው የሚመጣው?»

«እናቷ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ክርስትና።»

«ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ነው፤ ሴት ከሆነች ግን ሰማንያ!» አሉና ስኒውን አስቀመጡ። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ ባለፈው ሲያስመጥጡ ሁላችንም አዋጥተናል። ገንፎ ሊቀምስ የሚመጣው ዘመድም የሚገባው በእሳቸው በር ነው። ስለዚህ አማቴም ተጻፉ፦ ወንድም ሆነ ሴት እስከ ክርስትናው ይቆያሉ፣ በቆዩበት ወር እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ፣ ከዚያ በኋላ ለመቆየት እንደገና እንነጋገራለን።

በአንድ ገጽ ነው የጻፍነው። የመጀመሪያውን ውል ቀን ጠቀስን፤ «አንድ ሰው» የሚለው መስመር ከሰኔ 1 ጀምሮ «ተከራይ፣ ባለቤቱና ልጃቸው» በሚል ተተክቷል አልን፤ ኪራዩ እንደማይለወጥ፣ መብራትና ውሃ በሰው ቁጥር እንደሚከፈል ጨመርን። ሁለታችንም ፈረምን፣ እኅትማማቾቹ ምስክር ሆኑ፣ ወረዳ ሄደን ከተመዘገበው ውል ጋር አያያዝነው።

ወረቀቷ ከገመትኩት በላይ ጠቀመችኝ። ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን መሸኛ ይዛ መጥታ በእኛ ወረዳ ለመመዝገብ ስንሄድ የጠየቁን የቤት ቁጥሩንና የአከራይ ፈቃድን ነበር። በድብቅ ብትገባ ኖሮ ያን ቀን ማንን ይዤ እሄድ ነበር? ልጅ ደግሞ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያኔም እናትና አባት የት እንደሚኖሩ መጠየቁ አይቀርም።

ትናንት ማታ እማማ በሩን አንኳኩ። እጃቸው ላይ አንድ ኪሎ የገብስ ዱቄት አለ።

«ለገንፎ ነው» አሉ። «እናቷን ግን ደውልላት፤ ጋቢ ይዛ ትምጣ፣ የእኔን አላውስም።»