ጌም ከማጥፋታችሁ በፊት መመለሻውን አስሉ

ትምህርት ሲዘጋ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ላፕቶፔ ሞላ። የትኛውን ጌም ላጥፋ?» የኔ መልስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ብታጠፋው በምን ትመልሰዋለህ?

ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር «የማትጫወትበትን አጥፋ፣ ስትፈልግ መልሰህ ታወርደዋለህ» የሚል ነው። ምክሩ ፈጣን መስመር ቤቱ ለገባለት ሰው ይሠራል። እስቲ እናስላው። 110 ጊጋ የሚይዝ ጌም፣ ኔቱ ለአፍታ ሳይቆራረጥ በ10 ሜጋቢት ቢወርድ እንኳ 24 ሰዓት ይፈጃል። ቦንጋ ላይ መብራቱንና የዳታ ፓኬጁን ጨምሩበት። ስለዚህ እኛ ጋ ትልቅ ጌም ማጥፋት መጣል ማለት ነው። ወደ ሁለተኛ ዲስክ ማዛወር ግን ማስቀመጥ ነው።

የአንዱን ተማሪዬን ጉዳይ ላንሳ። ላፕቶፑ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው፤ ዊንዶውስ 238 ብሎ ያሳየዋል። የቀረው 9 ጊጋ ብቻ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ 40 ጊጋ የሚፈልግ ሶፍትዌር መጫን አለበት። ጂቲኤ 5 110 ጊጋ ይዟል፣ ፔስ 2021 40፣ ፔስ 2013 8፣ ሳን አንድሪያስ 5። እሱ ያሰበው «የድሮ ናቸው» ብሎ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማጥፋት ነበር። ሁለቱ ተደምረው 13 ጊጋ! ችግሩን አይነኩትም።

ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ አለው። ታዲያ ማን ይዛወር? እዚህ ላይ ጌሙ ዲስኩን እንዴት እንደሚያነብ ማወቅ ያስፈልጋል። ፔስ ስታዲየሙንና ተጫዋቾቹን ጨዋታው ሳይጀመር ይጭናል። ከዘገምተኛ ዲስክ ብታጫውቱት የምትጠብቁት ሎዲንጉን ነው እንጂ ኳሱ ያው ነው። ጂቲኤ ግን መኪናው በሄደ ቁጥር ከተማውን ከዲስክ እያነበበ ነው የሚያመጣው። አሮጌ ዲስክ ላይ ሕንፃው ዘግይቶ ይመጣል፣ አስፋልቱ ይደበዝዛል፣ ጌሙ ይንተፋተፋል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚጫወት ሰው ፔስን ቢያወጣ ይሻለዋል።

የሱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፔስን ከወንድሞቹ ጋር ማታ ማታ ይጫወታል፤ ጂቲኤን ታሪኩን ጨርሶ ሁለት ወር አልከፈተውም። የማይከፈት ጌም ፍጥነት አያስፈልገውም። ጂቲኤ ወጣ፣ 119 ጊጋ ክፍት ሆነ፣ ሶፍትዌሩ ገብቶም 79 ተረፈ። በዩኤስቢ 2 ኮፒው አንድ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው። አንድም ጌም አልጠፋም።

አዛወሩ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ጌሙ በስቲም የገባ ከሆነ በእጃችሁ አትጎትቱት፣ ስቲም አልተጫነም ይላችኋል። መጀመሪያ Settings ውስጥ Storage ላይ አዲሱን ዲስክ ጨምሩ። ከዚያ ጌሙን በቀኝ ክሊክ፣ Properties፣ Installed Files፣ Move install folder። በሌላ መንገድ የገባ ከሆነ ደግሞ ኮፒ አድርጉ፤ ከት አታድርጉ። መሃል ላይ ገመዱ ቢነቀል ዋናው እንዳለ ይቀራል። የሁለቱ ፎልደር መጠን እኩል መሆኑን እዩ፣ የድሮውን ስሙን ለውጡት፣ ከዚያ cmd ላይ እንዲህ ጻፉ፦

```
mklink /J "C:\Games\GTA V" "E:\Games\GTA V"
```

ይህ ጌሙ አሁንም C ላይ ያለ እንዲመስለው ያደርጋል። ተከፍቶ ከሠራ በኋላ ብቻ የድሮውን አጥፉ። ዲስኩ ሌላ ቀን ተሰክቶ E መሆኑ ቀርቶ F ከሆነ ጌሙ አይከፈትም። አልጠፋም፤ Disk Management ገብታችሁ ፊደሉን መልሱለት። ኮፒው ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ብሎ እምቢ ካለ ደግሞ ዲስኩ FAT32 ነው ማለት ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ማጥፋትስ መቼ ነው? መመለሻው ቅርብ ሲሆን። ፔስ 2013 የጎረቤት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ካለ በፍላሽ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፣ ያለ ሐሳብ አጥፉት። ሴቩን ግን አስቀድማችሁ ከ Documents ውስጥ KONAMI የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጉ። ጌሙን ከጎረቤት ታገኙታላችሁ፤ አምስት ሲዝን የደከማችሁበትን ማስተር ሊግ ግን ማንም ጎረቤት የለውም።

እናንተስ ዲስክ ላይ ብዙ ቦታ የያዘው የትኛው ነው? መጠኑንና መጨረሻ የከፈታችሁበትን ጊዜ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናስላው።